ውሻ ከመተኛቱ በፊት ለምን ይዞራል?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ቦቢ የሚባል የስድስት ዓመት ወንድ ውሻ አለን። ምንጣፍ ላይ ወይም የራሱ ብርድ ልብስ ላይ ሊተኛ ሲል አራት አምስት ጊዜ ይዞራል፤ ሴራሚኩ ላይ ግን ብዙም ሳይዞር ዘፍ ይላል። እናቴ እባብ እንዳለ እያየ ነው ትላለች፤ ጎረቤታችን ደግሞ የሆድ ትል ነው አሉን። ምክንያቱ ምንድን ነው? ሕመም ሊሆንስ ይችላል?»

ምላሽ፦

በገለጹት ልክ እስከሆነ ድረስ ይህ የጤነኛ ውሻ ጠባይ ነው። ውሻው መኝታውን እያመቻቸና ሰውነቱን ለመተኛት እያዘጋጀ ነው፤ በመዳፉ ከሥሩ ያለውን ይዳስሳል፣ የሚጎረብጠውን ይረግጣል፣ ጀርባውን ወደሚተኛበት ጎን ያጥፋል፣ ከዚያም ዝቅ ይላል። ይህን የሚያስተምረው የለም፤ በሕይወቱ ሣር ረግጦ የማያውቅ፣ ፎቅ ቤት ውስጥ ተወልዶ ያደገ ውሻም ያደርገዋል። የሆድ ትል ከዚህ ጋር አይገናኝም። ትል ወይም በፊንጢጣው ጎንና ጎን ያሉት ዕጢዎች ያስቸገሩት ውሻ መቀመጫውን መሬት ላይ ይጎትታል፣ ከጅራቱ ሥር ደጋግሞ ይልሳል፤ በመኝታው ላይ መዞሩ ግን የዚህ ምልክት አይደለም። የትል መድኃኒቱን በጊዜው መስጠትዎን አያቋርጡ፤ ከመዞሩ ጋር ግን አያያይዙት። ወደ እባቡ ጉዳይ በኋላ እመጣለሁ። አስቀድሜ ማንሳት የምፈልገው በምንጣፉና በሴራሚኩ መካከል ያስተዋሉትን ልዩነት ነው፤ ምክንያቱን ወደ መረዳት የሚወስደው ትክክለኛው መንገድ እርሱ ነውና።

ጉዳዩን በጽሑፍ ካነሱት ቀደምት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች አንዱ ቻርልስ ዳርዊን ነው። በ1872 እ.ኤ.አ. ስለ ሰውና ስለ እንስሳት የስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ውሾች ምንጣፍ ወይም ሌላ ደረቅ ወለል ላይ ሊተኙ ሲሉ ያለ ምንም ጥቅም እየዞሩ በፊት እግራቸው ወለሉን እንደሚጭሩ ጠቅሶ፣ ይህ የዱር አያቶቻቸው ሜዳና ጫካ ውስጥ ሣሩን ረግጠው ጎድጎድ ያለ ቦታ ለማበጀት ያደርጉት የነበረው ነገር ቅሪት ነው ሲል ገመተ። አንድ አእምሮው የተዳከመ ውሻ ምንጣፍ ላይ ከመተኛቱ በፊት ዐሥራ ሦስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሲዞር ወዳጁ እንዳየም መዝግቧል። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ በየቦታው ይደጋገማል፤ ሲደጋገም ግን ዳርዊን ራሱ በሐቀኝነት ያሰፈረው አንድ ነገር ይቀራል። በአራዊት ማቆያ ያሉ ጠባቂዎችን ጠይቆ፣ ቀበሮዎችና ሌሎች የቅርብ ዘመዶቻቸው የተሰጣቸውን ገለባ እንዲሁ እየዞሩ እንደሚያደርጉት ሲነግሩት፣ ተኩላዎች ግን ለወራት ተመልክተዋቸው እንዲህ ሲያደርጉ እንዳላዩ ነግረውታል። በአንድ ማቆያ ያልታየ ነገር በዱር የለም ማለት አይደለም። ቢሆንም «ተኩላው እንዲህ ያደርግ ስለነበር ውሻውም ያደርገዋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንደ ተረጋገጠ እውነት ከመናገር ሊያግደን ይገባል። በእኔ እምነት ይበልጥ ጠንካራው ማስረጃ ዛሬ በፊታችን ያለው ውሻ በተለያየ ወለል ላይ የሚያደርገው ነው።

ይህን ለመመርመር የሞከረው ስለ ውሾች ጠባይ ብዙ የጻፈው የካናዳ የሥነ ልቦና ምሁር ስታንሊ ኮረን ነው። 62 ውሾችን በተለያየ ወለል ላይ እንዲያርፉ አድርጎ ተመለከተ፤ አንደኛው ወለል ለስላሳና ደልዳላ ሲሆን፣ ሌላኛው ረጅም ፀጉር ያለው ምንጣፍ ተጨማዶ ወጣ ገባ እንዲል የተደረገበት ነበር። በደልዳላው ወለል ላይ ከመተኛታቸው በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር የዞሩት 19 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ በወጣ ገባው ላይ ግን 55 በመቶ የሚሆኑት ዞረዋል። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ልዩነት ነው። ጥናቱ ሰፊ አይደለም፤ ነገር ግን የሚነግረን ግልጽ ነው። መዞሩ ባዶ ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወለሉ ምንም ይሁን ምን ቁጥሩ ተቀራራቢ በሆነ ነበር። ውሻው የሚዞረው ከመዳፉ ሥር የሚስተካከል ነገር ሲያገኝ ነው። ብርድ ልብስ ሲረገጥ ይሸበሸባል፣ ይከመራል፣ ይጎደጉዳል፤ ሴራሚክ ግን መቶ ጊዜ ቢረገጥም ያው ሴራሚክ ነው። ቦቢ በሁለቱ ላይ የተለያየ ነገር ማድረጉ ከዚህ ግኝት ጋር ይስማማል።

ቀጥሎ ሙቀትና ቅዝቃዜ ይመጣል። ውሻ እንደ ሰው በመላ ቆዳው አያልብም፤ ላብ የሚያመነጩት ዕጢዎቹ በዋናነት በመዳፉ ላይ ስለሚገኙ፣ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው ባብዛኛው በማለክለክና ፀጉሩ የሳሳበትን ሆዱን ከቀዝቃዛ ነገር ጋር በማገናኘት ነው። በቀትር በየመንደሩ ያሉ ውሾችን ይመልከቱ፤ የዛፍ ወይም የአጥር ጥላ ፈልገው የላይኛውን የጋለ አፈር በፊት እግራቸው ይጭሩና ከሥር ያለው ቀዝቀዝ ያለው ሲገለጥ ሆዳቸውን እዚያው ለጥፈው ይተኛሉ። ሌሊት ሲበርድ ያው ውሻ ትኩስ አመድ የተደፋበትን ቦታ መርጦ ኩርምት ይላል። ኩርምት ማለት ለአየር የሚጋለጠውን የሰውነት ክፍል ይቀንሳል፤ ሆድ፣ የእግር ውስጠኛ ክፍልና አፍንጫ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ፀጉር የበዛበት ጀርባ ወደ ውጭ ይቀራል። የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የራሳችን ቀይ ቀበሮ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጠው የባሌ ደጋ፣ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት፣ ጉድጓድ የሚጠቀመው ለግልገሎቹ ስለሆነ ጎልማሳው ሜዳ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን ከጅራቱ ሥር ሸጉጦ ያድራል።

መዞር ከመጠቅለል ጋር ያለው ግንኙነት በቅርብ ሲታይ ይገባል። ቦቢ ብርድ ልብሱ ላይ ሲወጣ እርስዎ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ከጎን ይመልከቱት። መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ያሸታል። ከዚያ የፊት እግሮቹ ይጀምራሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጭርና ጨርቁን ወደ ራሱ ይጎትታል። የመጀመሪያው ዙር ሰፊ ነው፣ አራቱም እግሮች ይራመዳሉ። ሁለተኛው ይጠባል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው የኋላ እግሮቹ ብዙ ሳይንቀሳቀሱ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ጀርባው እንደ ቀስት ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ራሱ ወደ ጅራቱ ይቀርባል፤ ያ እጥፋት ሳይፈታ ዳሌው ዝቅ ይልና ትከሻው ይከተላል። ስለዚህ የመጨረሻው ዙርና የመጠቅለሉ መጀመሪያ አንድ እንቅስቃሴ ናቸው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር የነበረ ውሻ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀኝ ተጠቅልሎ የሚገኘውም ለዚህ ነው። በጎኑ ተዘርግቶ ሊተኛ ያሰበ ውሻ ግን ጀርባውን ማጠፍ አያስፈልገውምና ሳይዞር ቢወርድ አያስገርምም። ሴራሚክ ላይ የሚተኛ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ መቀዝቀዝ የፈለገ ስለሆነ ይዘረጋል እንጂ አይጠቀለልም።

ዙሩ በሌሊት እየተደጋገመ የሚረብሻቸው ባለቤቶች አሉ። የውሻ እንቅልፍ እንደ እኛ ረጅም አይደለም። አዳምስና ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሌሊት ውሾችን ሲከታተሉ፣ ውሻ በአማካይ 16 ደቂቃ ያህል ተኝቶ 5 ደቂቃ ያህል እንደሚነቃ፣ ይህም በስምንት ሰዓት ውስጥ 23 ጊዜ ያህል እንደሚፈራረቅ አግኝተዋል። በነቃ ቁጥር አይነሣም፤ ሲነሣ ግን የተኛበት ቦታ ሞቆበት ወይም ጎኑን መቀየር ፈልጎ ሊሆን ስለሚችል፣ እንደገና ዞሮ መተኛቱ ያው የመጀመሪያው ሥራ ነው።

እናትዎ ያነሡት የእባብ ነገር ከየትም የመጣ አይደለም፤ ረጅም ሣር ውስጥ የሚተኛ እንስሳ ቦታውን አስቀድሞ ቢረግጥ፣ በውስጡ ያለ እባብ፣ ጊንጥ ወይም ጉንዳን ይሸሻል ወይም ይታያል። ይህ ከመዞሩ የሚገኝ ጥቅም ሊሆን ይችላል። ውሻው «እባብ ይኖር ይሆን» ብሎ እያሰበ ይዞራል ማለት ግን አይቻልም፤ እባብ ሊኖር በማይችልበት ሳሎን ውስጥም እኩል ይዞራልና። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ለማወቅ ወይም ጠላት ከሚመጣበት አቅጣጫ ፊቱን ለማዞር ነው የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ለሜዳ ውሻ ምክንያታዊ ነው፣ በር ተዘግቶበት ለሚተኛ ውሻ ግን ማብራሪያው ቀጥታ አይሆንም። ስለ መሬት መግነጢስ የሚወራውን ግን ለይቼ ማረም እፈልጋለሁ። የቼክና የጀርመን ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት እውነተኛ ነው፤ 70 ውሾችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው፣ የመሬት መግነጢሳዊ መስክ በተረጋጋበት ሰዓት ውሾች ሰውነታቸውን በሰሜንና በደቡብ መስመር ማድረግ እንደሚመርጡ ጽፈዋል። ጥናቱ ግን የተካሄደው ሜዳ ላይ ሲጸዳዱ ነው። ስለ መኝታ አንዳች አልተናገረም፤ ከመኝታ ዙር ጋር የሚያገናኙት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅለው ነው።

ሴት ውሻ ላላቸው አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። የጸነሰች ውሻ ስልሳ ሦስት ቀን ገደማ ቆይታ ልትወልድ ስትቃረብ ጥግ እየፈለገች በተደጋጋሚ ትዞራለች፣ ጨርቅ ትጭራለች፣ ትቀዳድዳለች። ጎጆ መሥራቷ ነው። በተለመደው ጊዜ ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነው የሰውነቷ ሙቀት ወርዶ ከ37.2 በታች ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ምጥ ይጀምራል።

አሁን ወደ ሕመም ጥያቄዎ። ብዙ ባለቤቶች የዙሩን ብዛት ይቆጥራሉ፤ አምስት ጊዜ ከዞረ ይጨነቃሉ፣ ሁለት ከሆነ ደስ ይላቸዋል። ቁጥሩ ለብቻው ብዙ አይነግርም፤ አንዱ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ስድስት ጊዜ እየዞረ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ሊታይ የሚገባው በዚያው ውሻ፣ በዚያው መኝታ ላይ የመጣ ለውጥ ነው፤ ከዚያም በላይ ሊታይ የሚገባው አወራረዱ ነው። ለመተኛት ውሻ የዳሌውን፣ የጉልበቱንና የቁርጭምጭሚቱን መገጣጠሚያ እስከ መጨረሻው ማጠፍ አለበት፤ በዚያ መሃል ክብደቱን የሚይዙት የኋላ እግር ጡንቻዎች ናቸው። መገጣጠሚያው የታመመ ውሻ ሊወርድ ይጀምርና ሕመሙ የሚነሣበት ማዕዘን ላይ ሲደርስ ያቋርጣል፤ ይቆማል፣ አንድ ዙር ይጨምራል፣ እንደገና ይሞክራል። ከሩቅ ለሚያየው «ብዙ ዞረ» ነው። በቅርብ ሲታይ ግን የተደጋገመው ዙሩ ሳይሆን ያልተሳካ የመተኛት ሙከራ ነው። ጤነኛው ውሻ ዙሩን ከመውረዱ ጋር ሳያቋርጥ ያያይዘዋል፤ የታመመው ግን በመሃል ይቆማል፣ ዳሌውን ግማሽ ድረስ ዝቅ አድርጎ መልሶ ያነሣዋል።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ዘጠኝ ዓመት የሞላው፣ 41 ኪሎ የሚመዝን ጀርመን ሸፐርድ ነበር፤ ግቢ ይጠብቃል፣ ሊሾ በረንዳ ላይ በተነጠፈ ጆንያ ላይ ያድራል። ለውጡን ያስተዋሉት ባለቤቶቹ ሳይሆኑ የግቢው ዘበኛ ናቸው። «ዶክተር፣ ይሄ ውሻ ድሮ ሁለቴ ዞሮ ይተኛ ነበር፤ ክረምት ከገባ ወዲህ ግን ሲዞር ነው የሚያመሸው» አሉኝ። ቤተሰቡ እርጅና ነው ብሎ ትቶታል። ውሻውን በረንዳው ላይ፣ በራሱ ጆንያ ላይ እንዲተኛ ትቼ ተመለከትኩ። ሁሉንም ዙር ወደ ቀኝ ብቻ ዞረ። ሦስት ጊዜ ዳሌውን ዝቅ አድርጎ መለሰው፤ በመጨረሻ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ከወገቡ በታች ያለውን ክፍል እንደ መጣል አድርጎ ወደቀ፣ ትንፋሹንም በድምፅ አወጣ። ዘበኛው በፊት ወደ ሁለቱም በኩል ይዞር እንደነበር አረጋገጡልኝ። ይህ ውሻ ወደ ግራ ሲዞር ክብደቱ የሚያርፈው መሽከርከሪያ በሚሆነው የግራ ኋላ እግሩ ላይ ስለነበር፣ ያንን ጎን መሸሹ የት ቦታ መመርመር እንዳለብኝ አመለከተኝ።

ምርመራው ከእግር ወደ ላይ ሄደ። መዳፉንና ጥፍሩን፣ ከዚያ ጉልበቱን አየሁ፤ ጤነኛ ነበሩ። የግራ ታፋው በሜትር ሲለካ ከቀኙ ይቀጥናል፤ ውሻ የሚያመውን እግር መጫን ሲተው ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ይህም የሚሆነው በሳምንታት እንጂ በአንድ ቀን አይደለም። የግራ እግሩን ወደ ኋላ ስዘረጋው ሰውነቱ ደነደነ፣ ራሱን ወደ እጄ አዞረ። ወገቡና ዳሌው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ስጫነው ግን ዝም አለ፤ ይህን መለየት ያስፈልጋል፣ ጀርመን ሸፐርዶች እዚያ ቦታ ላይ ነርቭ የሚጫን ሌላ ሕመምም ያዘወትራቸዋልና። ራጁ የዳሌው ጎድጓዳ አጥንት ጥልቀት እንዳነሰው፣ የጭን አጥንቱ ራስ ጠፍጠፍ እንዳለና ዙሪያውን ትርፍ አጥንት እንዳበቀለ አሳየ። ቡችላ ሳለ የጀመረው የዳሌ አለመገጣጠም በዕድሜ ወደ አርትራይተስ አድጓል።

ሕክምናው ውስብስብ አልነበረም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ጆንያው በወፍራም ስፖንጅ ተተካና በሸራ ተለበሰ። ከመኝታው እስከ ምግቡ ባለው ሊሾ ላይ የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ ተነጠፈ። የምግቡ መጠን ተቀንሶ ክብደቱ በወራት ውስጥ ወደ 35 ኪሎ እንዲወርድ ተደረገ፤ ለዳሌ ሕመም ከመድኃኒቱ እኩል የሚጠቅም ነገር ቢኖር ይህ ነው። የጉበቱና የኩላሊቱ የደም ምርመራ ከታየ በኋላ ለውሻ የተዘጋጀ የሕመምና የብግነት ማስታገሻ ተጀመረ። የእግር ጉዞው አጭር ሆኖ በቀን ሁለት ጊዜ ሆነ። ውሻው ስፖንጁ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ ያለማቋረጥ ወደ መተኛት ተመለሰ፤ ወደ ግራ ግን እንደ ቀድሞው አይዞርም፣ ምክንያቱም አጥንቱ አልዳነም፤ የቀነሰው ሕመሙ ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። ቤት ውስጥ የተገኘ የሰው አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም ፓራሲታሞል ለውሻ አይስጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞል ደግሞ ጉበቱንና ቀይ የደም ሕዋሳቱን ሊጎዳ ይችላል። «አንድ ፍሬ ብቻ ነው የሰጠነው» ተብሎ ደም የሚያስመልስ ውሻ የሚመጣባቸው ቀናት አሉ፤ ሊቀር የሚችል ጉዳት ነው።

ከመኝታ ጋር ግንኙነት የሌለው መዞር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ መለያውም ቀላል ነው። የመኝታ ዙር የሚያልቀው በመተኛት ነው። አንጎሉ ወይም የውስጥ ጆሮው የታመመ ውሻ ግን ግቢ መሃል፣ ሊተኛ ሳያስብ፣ ወደ አንድ ጎን ብቻ እየዞረ ይቆያል፤ ራሱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ይንቀጠቀጣል ወይም ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል። ይህን ሲያዩ ቀጠሮ አይጠብቁ። ያረጀ ውሻ ሌሊቱን እየተንከራተተ፣ ጥግ ላይ ተወትፎ መውጫው እየጠፋው የሚዞር ከሆነ የአእምሮ መዳከም ሊሆን ይችላል፤ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በተደረገ ጥናት ከ11 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ውሾች 28 በመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ 68 በመቶው ቢያንስ አንድ የዚህ ምልክት ታይቶባቸዋል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ለሐጩ የሚዝረበረብ ወይም ድምፁ የተለወጠ ውሻ በዚያ ላይ የሚዞር ከሆነ፣ በአገራችን መጀመሪያ መታሰብ ያለበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አፉን ከፍተው ለማየት አይሞክሩ፤ ለይተው ዘግተው ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ለዐሥራ አምስት ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።

በቦቢ ጉዳይ እኔ ማየት የምፈልገው ምንጣፉ ላይ የሚያደርገውን አራት አምስት ዙር ሳይሆን ሴራሚኩ ላይ ዘፍ ማለቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከላይ ያልኩት ነው፤ የሚያስተካክለው ነገር የለም፣ መቀዝቀዝ ፈልጓል፣ ወለሉም ስለሚያንሸራትተው በቀስታ መውረድ አይመቸውም። ነገር ግን ዘፍ ማለት ክብደቱን እስከ መጨረሻው መያዝ ያቃተው የኋላ እግር ምልክትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት እዚያው ሴራሚኩ ላይ የማያንሸራትት ስስ የጎማ ምንጣፍ ያንጥፉለት። ስልክዎን ከወለሉ እኩል ዝቅ አድርገው ከጎኑ ይቅረጹት፤ በጎማው ላይ፣ በባዶው ሴራሚክና በብርድ ልብሱ ላይ፣ በተለያዩ ቀናት። ጎማው ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ የወለሉ ነው። እዚያም ዘፍ የሚል ከሆነ፣ ጠዋት ሲነሣ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የሚደነዝዙት ከሆነ፣ ደረጃ ወይም መኪና ላይ ለመውጣት የሚያመነታ ከሆነ ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ ቪዲዮውንም ይዘው ይሂዱ፣ ውሻ ክሊኒክ ውስጥ ከፍርሃት የተነሣ ቤቱ እንደሚተኛው አይተኛምና።

እስከዚያው ድረስ ሲዞርም ሲጭርም አይቆጡት፣ ጎትተውም አያስተኙት። ጥፍሩ ረዝሞ ከሆነ ይቆረጥለት፤ ብርድ ልብሱን የሚቀድደው ብዙ ጊዜ ጥፍሩ እንጂ መጫሩ አይደለም። ፍራሹ በጎኑ ተዘርግቶ ሲተኛ እግሮቹ የማይወጡበት ስፋት ይኑረው፣ ከላዩም እንደፈለገ የሚሰበስበው ልቅ ጨርቅ ይደረግለት። ውፍረቱ መብቃቱን ለማወቅ ጉልበትዎን ተንበርክከው ይጫኑት፤ ወለሉ ከተሰማዎ ለዳሌው ስስ ነው።